በጆንያ ውስጥ የተገኘው ዳዊት፦ የአንድ ቁራሌ ወጣት ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አጠገብ ያለው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በፈረሰበት ወቅት አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁራሌ ከተጣለ ጆንያ ውስጥ ያገኘውን የብራና ዳዊት ጉዳይ ይተርካል። መጽሐፉን ከወጣቱ እጅ ተቀብዬ ያደረቅሁት፣ የመረመርሁትና የመዘገብሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት የሆነውን ደግሞ ከወጣቱ አፍ ደጋግሜ ሰምቼ ጽፌዋለሁ። የሰዎቹን ስም በጥያቄያቸው ትቼዋለሁ። ዳዊት በአገራችን ከማንኛውም የብራና መጽሐፍ ይልቅ በብዛት የተጻፈ ስለሆነ፣ መጽሐፉ በብርቅነቱ የሚጠቀስ አይደለም። ጉዳዩን ልዩ ያደረገው ባለቤቱ መታወቁ ሲሆን፣ ባለቤቱም የታወቀው ወጣቱ መጽሐፉን አብረውት ከተጣሉት ነገሮች ሳይለይ ስላቆየው ነው።

ወጣቱ የመጣው ከስልጤ ነው። አጎቱ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ መንደሮች «ቁራሌው!» እያለ ጫማ፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲገዛ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሥራውን የተማረው ከእርሱ ነው። ጠዋት በር ለበር ይዞራል፤ ከሰዓት በኋላ የሰበሰበውን በየዓይነቱ ለይቶ መርካቶ ምናለሽ ተራ ላለ ተረካቢ ያስረክባል። መዳቡን፣ አሉሚኒየሙንና ብረቱን ለየብቻ ያስቀምጣል፣ ሃይላንዱን በአንድ ጆንያ ያጭቃል፣ ወረቀት ግን በኪሎ የሚያወጣው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳያነሳው ያልፋል። ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የነበረው ሁኔታ ከወትሮው የተለየ ነበር። ነዋሪው ቤቱን የለቀቀው በአጭር ቀን ውስጥ ስለነበር፣ ወደ ኮንዶሚኒየም የማይገባው ዕቃ ሁሉ በጆንያ እየታሰረ ደጅ ላይ ቀርቷል። ቁራሌዎች የበር ማጠፊያ፣ የቆርቆሮ ቁራጭና የኤሌክትሪክ ሽቦ ፍለጋ ከየአቅጣጫው ወደ ሰፈሩ ጎርፈው ነበር፤ ወጣቱም ከእነርሱ አንዱ ነበር።

ጆንያው የተገኘው ግማሹ በፈረሰ የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። አፉ በሲባጎ ታስሯል፤ ሌሊቱን ዝናብ ስለዘነበበት የታችኛው ክፍል ርሷል። ወጣቱ ሲያነሳው ከባድ ስለነበር ብረት መስሎት ሳይፈታ በትከሻው ይዞት ሄደ። በተከራየባት ክፍል ደጅ ላይ ሲዘረግፈው ከላይ ያረጁ ጫማዎች፣ እጀታው የተሰበረ የእንፋሎት ድስት፣ የተላጠ የሸክላ ቅብ ሣህንና ባዶ የዘይት ጣሳ ወጡ። ከታች፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ በላዩም የፕላስቲክ ከረጢት የለበሰ ጥቅል ነበር። በከረጢቱ ውስጥ ከጥቅሉ ጎን የተቀመጠች ትንሽ ደብተር አለች። ነጠላው ሲፈታ ሁለት የእንጨት ገበታዎች ታዩ፤ አንደኛው ለሁለት ተሰንጥቆ በጅማት የተሰፋ ነው። በገበታዎቹ መካከል ደግሞ በውኃ የተነፋ፣ ጠርዙ የጠቆረ የቅጠል ክምር ነበር።

ወጣቱ ግእዝም ሆነ የክርስቲያን ጸሎት አያውቅም። ወረቀት እንዳልሆነ ያወቀው ግን ወዲያው ነው፤ አንዱን ጠርዝ በጣቱ ሲስበው አልቀደድለት አለ፣ እርጥበቱም የቆዳ ሽታ ነበረው። ቀይና ጥቁር ጽሕፈቱን ሲያይ የጸሎት መጽሐፍ መሆኑን ገመተ። መሬት ላይ ሊያስቀምጠው አልወደደም፤ በስተኋላ እንደነገረኝ «ቤታችን ውስጥ ኪታብ መሬት አይነካም፤ ይኼም የሰው ዱዓ ነው» ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ፈለገለት። ያገኘው ከፍ ያለ ቦታ የክፍሏ ጣሪያ ነበር። መጽሐፉን ከፍቶ በቆርቆሮው ላይ ለፀሐይ አሰጣው።

ይህ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም በመጽሐፉ ላይ ከዝናቡ የከፋ ጉዳት ያደረሰ እርምጃ ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚያደርገውም ምክንያቱን ማስረዳት ይገባል። ብራና የተላገና የተፋቀ፣ በችካል ተወጥሮ የደረቀ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ እንደ ጫማ ቆዳ አልተለፋም። ቅርጹን ይዞ የሚቆየው በተወጠረበት ሁኔታ ስለደረቀ ብቻ ስለሆነ፣ ውኃ ሲጠጣ ያ ውጥረት ይላላል፣ ቆዳውም ወደ እንስሳው ቅርጽ ለመመለስ ይኮማተራል። እርጥብ ብራና በዚህ ላይ ብርቱ ሙቀት ከተጨመረበት ቆዳውን የሠራው ቃጫ ራሱ ይቀልጥና ይጨማደዳል፤ ቅጠሉ ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፍና ቀንድ የመሰለ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በኋላ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ጥገና የለም። በዚህ መጽሐፍ ላይ ለፀሐይ የተጋለጡት የላይኞቹ አራት ቅጠሎች ከስፋታቸው ሩብ ያህሉን አጥተዋል። ከሥራቸው የነበሩት ግን፣ ወጣቱ እኩለ ቀን ላይ ጠርዛቸው ሲታጠፍ አይቶ በፍጥነት ስላነሳቸው፣ ከመጨማደድ በስተቀር ተርፈዋል።

ቀለሙስ ምን ሆነ? ጥቁሩ ቀለም በቁም ጸሐፊዎቻችን ልማድ ከጥላሸት ስለሚዘጋጅ፣ በዘመን ብዛት አይደበዝዝም፤ ብራናውንም አይበላም። ድክመቱ ሌላ ነው፦ ወደ ቆዳው ጠልቆ ሳይገባ በገጹ ላይ ስለሚቀመጥ፣ እርጥብ ሆኖ በጣት ወይም በጨርቅ ከተነካ ይነሣል። ወጣቱ አንድ ገጽ ላይ ያለውን ጭቃ በነጠላው ጫፍ ለመጥረግ ሞክሮ ሦስት መስመር ጠፍቶበታል። ያን ካየ በኋላ እጁን ሰበሰበ። ቀዩ ቀለም ደግሞ በእርጥበቱ ወደ ትይዩው ገጽ ተላልፏል፤ ይህ ግን ንባቡን አያጠፋም። እንዲያውም በኋላ እንደማወሳው ጠቀመን።

በማግሥቱ ወጣቱ ብረቱንና ድስቱን ምናለሽ ተራ ሲያስረክብ፣ ስላገኘው መጽሐፍ ለተረካቢው ነገረው። ተረካቢው «ቆዳ በኪሎ አልገዛም» ብሎ ሳቀና አንድ ደላላ ጠራለት። ደላላው ማታ እክፍሏ ድረስ መጥቶ መጽሐፉን አገላበጠ፤ ስለ ዋጋውም በቅጠል እንጂ በመጽሐፍ እንደማይነጋገር ገለጸ። «የአምስት መቶ ዓመት ነው» አለ፤ ወዲያው ደግሞ እያንዳንዱን ቅጠል በሦስት መቶ ብር እንደሚወስድ ተናገረ። ለናሙና ብሎ ከአንዱ ጥራዝ መካከል ሁለት ቅጠል ሳበና ስድስት መቶ ብር ከፈለ። ለቀሪው ሥራ የሰጠው መመሪያም ይህ ነበር፦ ቅጠሎቹን ፈታትቶ በየብቻ ማድረቅ፣ ገበታዎቹን መጣል፣ «ያቺን የማትረባ ደብተር» ደግሞ ማቃጠል።

መመሪያው የራሱ የንግድ ምክንያት አለው። የብራና ቅጠል በየብቻው ለጎብኚ የሚሸጥበት ገበያ የቆየ ነው። ያልተሣለ ቅጠል ብዙ ዋጋ ስለማያወጣ፣ በጽሑፉ ላይ አዲስ ሥዕል ተሥሎበት አሮጌ መስሎ እንዲሸጥ ይደረጋል፤ ከሥዕሉ ጠርዝ ሥር የተቆረጡ ፊደሎች የሚታዩበት ቅጠል ያየ ሰው ይህን ሊያውቅ ይችላል። ለዚህ ንግድ ሙሉ መጽሐፍ አይመችም፤ ሙሉ መጽሐፍ ባለቤት ይኖረዋል፣ የባለቤትነት ጽሑፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ስም ወይም የሰው ስም ያለበት ገጽ ይኖረዋል። ገበታና ጥራዝ ከፈረሰ ግን ቅጠሉ ከየት እንደመጣ የሚናገር ነገር አይቀርም።

ወጣቱ ስድስት መቶውን ብር ተቀብሏል፤ ይህንንም ሳይደብቅ ነግሮኛል። ቀሪውን ለመፈታታት ግን እጁ አልታዘዘለትም። የተሰፋውን ጅማት ሊቆርጥ ምላጭ ካነሳ በኋላ ምላጩን አስቀምጦ ለጎረቤቱ፣ ጠላ እየሸጡ ለሚኖሩ እናት፣ አሳያቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ይኼማ ዳዊት ነው፤ እንዳትነካው» ብለው ወደ ደብራቸው መሪጌታ ዘንድ ወሰዱት። መሪጌታው ደወሉልኝ፤ እኔም በዚያው ቀን ሄድሁ። መጽሐፉን፣ ነጠላውን፣ ከረጢቱንና ደብተሯን አንድ ላይ ተረከብሁ። ጫማዎቹና ጣሳው ገና ስላልተሸጡ ፎቶግራፍ አነሳኋቸው፤ ጆንያው የተነሣበትን ደጃፍም ወጣቱ ወስዶ አሳየኝ። ቤቱ በዚያ ቀን ገና ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ ማድረቅ ነበር። እርጥብ ብራና ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል፣ በጣም ቶሎ ከደረቀ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ጥላና ቀስ ብሎ የሚነፍስ አየር ይፈልጋል። መጽሐፉን እንደ ማራገቢያ ከፍተን በቋሚ አላቆምነውም፤ እርጥብ ቅጠል በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚወጠር፣ ጋደም አድርገን በየጥራዙ መካከል ቀለም የሌለው መጣጭ ወረቀት አስገባን፤ ወረቀቱንም በየጥቂት ሰዓቱ ለወጥን። የተጣበቁ ቅጠሎችን በጉልበት አላላቀቅንም። አብዛኞቹ እርጥበቱ ሲቀንስ በራሳቸው ተለቀቁ፤ ያልተለቀቁትን በቀጭን የአጥንት መላቀቂያ ከጠርዝ ወደ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ለየናቸው። ውጫዊው እርጥበት ካለፈ በኋላ በቅጠሎቹ ላይ ቀላል ክብደት አደረግን። ሻጋታው ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ከቤት ውጭ ተጠርጓል። ይህ ሁሉ ሲደረግ የጥራዙ ስፌት እንዳለ ነበር፤ ስፌቱን ለማድረቅ ብዬ መፍታት ይቻለኝ ነበር፣ ነገር ግን የመጽሐፉ ቅደም ተከተል ማስረጃ የሆነው እርሱ ስለሆነ አልነካሁትም።

መጽሐፉ ዳዊት መሆኑን ለማወቅ ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፤ የገጹ አጣጣል ይናገራል። በዳዊት ውስጥ መዝሙራቱ የሚጻፉት በአንድ ዓምድ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሐረግ በራሱ መስመር ይጀምራል፤ መስመሩ ካልበቃው የተረፈው ቃል ከላይ ወይም ከታች ባለው ባዶ ቦታ ይገባል። ከመቶ ኀምሳ አንዱ መዝሙራት በኋላ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይከተላሉ። ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ላይ ሲደረስ ግን ጽሕፈቱ ወደ ሁለት ዓምድ ይለወጣል። በእጃችን የገባው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት በሙሉ የጠበቀ ነው፤ አንቀጸ ብርሃን ብቻ በመካከሉ ይቋረጣል።

ቀጥሎ የጎደለውን ማወቅ ነበረብን። ጥራዞቹ እያንዳንዳቸው ዐሥር ቅጠል አላቸው፤ ገጹም ሃያ ሁለት መስመር አለው። የመጀመሪያው ቅጠል የሚጀምረው «አፈቅረከ እግዚኦ በኃይልየ» ከሚለው ከ17ኛው መዝሙር አጋማሽ ነው። ከመጀመሪያው መዝሙር እስከዚያ ያለው ንባብ በሃያ ሁለት መስመር ሲከፈል ሃያ ገጽ ያህል ይሆናል፤ ይኸውም አንድ ሙሉ ጥራዝ ነው። ስለዚህ የጎደለው የመጀመሪያው ጥራዝ በሙሉ ነው ማለት ነው። ከቀሩት ቅጠሎች ይልቅ የመጀመሪያው ቅጠል ጠርዝ ጥቁረት የቆየና የደረቀ ስለሆነ፣ ጥራዙ የወደቀው ከጆንያው ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

ደላላው የወሰዳቸውን ሁለት ቅጠሎች ቦታ ማግኘት ከዚህ የከበደ ነበር። ብራና ሁለት ፊት አለው፦ ጠጉሩ የነበረበት ፊት ጠቆር ያለና የጠጉር ነጠብጣብ የሚታይበት፣ ወደ ሥጋ የነበረው ፊት ነጣ ያለ። ጥንቁቅ ጸሐፊ ጥራዙን ሲያጥፍ የጠጉር ፊት ከጠጉር ፊት፣ የሥጋ ፊት ከሥጋ ፊት እንዲተያይ ያደርጋል፤ አንድ ነጠላ ቅጠል ከጠፋ ነጩ ከጠቆረው ጋር ስለሚገጥም ጉድለቱ በዓይን ይታያል። የጥራዙ መካከለኛ ቆዳ ሲሳብ ግን ይህ ምልክት አይሠራም። መካከለኛው ቆዳ አንድ ሆኖ የታጠፈ ሁለት ቅጠል ነው፤ እርሱ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቆዳ በተራው መካከለኛ ይሆንና የራሱ አንድ ፊት ከራሱ ጋር ይተያያል። ፈትሉም የሚያልፈው በዚያ መካከል ስለሆነ ለመሳብ የሚቀለው ይኸው ቆዳ ነው። ደላላው ይህን ያውቅ እንደሆነ መናገር አልችልም፤ የሳበው ግን ያንን ነው።

ያወቅነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ንባቡ ነው፦ «አጽምዑ ሕዝብየ ሕግየ» በሚለው በ77ኛው መዝሙር መካከል፣ በአራት ገጽ ልክ ማለትም ሰማንያ ስምንት መስመር ያህል ይዘላል። ሁለተኛው ቀደም ብዬ ያነሣሁት የቀይ ቀለም መተላለፍ ነው። በጉድለቱ ግራና ቀኝ ባሉት ገጾች ላይ የሚታየው የቀይ ነጥብ ጥላ ከትይዩ ገጻቸው ነጥብ ጋር አይገጥምም፤ ዝናቡ ሲያርሳቸው በመካከላቸው ሌሎች ገጾች ነበሩና ጥላው የእነዚያ ነው። ይህም ቅጠሎቹ ከዝናቡ በኋላ እንደተወሰዱ፣ የወጣቱም ቃል እውነት እንደሆነ ያረጋግጣል።

ስለ ዘመኑ ደላላው ያለውን የሚደግፍ ነገር አላገኘሁም። ጸሐፊው ስሙን ወይም የንጉሥ ስም የጻፈበት ገጽ የለም። የአጣጣሉ ልማድ በራሱ ዘመን አይቆርጥም፤ ዳዊትን ዛሬም በብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊዎች አሉ። ጽሕፈቱ ግን ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወይም ከ20ኛው መጀመሪያ ከማውቃቸው እጆች ጋር ይመሳሰላል፤ ከዚያ በላይ ለማስረገጥ አልደፍርም። ማንኛውንም ብራና ባየ ቁጥር መቶዎችን የሚቆጥር ሰው ሻጭ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ በውዳሴ ማርያም መጨረሻና በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ተገኘ። በጸሎቱ ውስጥ የባለቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ ተፍቆ፣ በሌላ እጅ ሌላ ስም ተጽፎበታል። መጽሐፉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ተላልፏል ማለት ነው፤ ይህ በዳዊት ላይ የተለመደ ነው። የቤተ ክርስቲያን ስም ግን የትም የለም፤ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ» የሚለው የውግዘት ቃልም አልተጻፈም። ከዚህ የተነሣ መጽሐፉ የደብር ሀብት ሳይሆን በግል ሰው እጅ የነበረ የጸሎት መጽሐፍ መሆኑን ገመትሁ። ባዶው ገጽ ላይ ደግሞ በሐምራዊ ቀለምና በአማርኛ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ነበር። ስሙ በውኃ ጠፍቷል፤ የተረፈው «ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ተወለደ…» የሚለውና «የካቲት 1 ቀን» የሚለው ነው። የመጨረሻው ፊደል ስለጠፋ የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። የልደቱን ቀን ጨምሮ ቀኖቹ ሲቆጠሩ ግን ከኅዳር 12 እስከ የካቲት 1 ልክ ሰማንያ ቀን ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ማስታወሻው ስለ ሴት ልጅ የተጻፈ መሆኑ ታወቀ።

ይህ ሁሉ ያለ ደብተሯ የትም አያደርስም ነበር። ደላላው አቃጥላት ያላት ደብተር የዕድር መዋጮ ደብተር ናት። ሽፋኗ ላይ የአባሉ ተራ ቁጥርና የዕድሩ ማኅተም አለ፤ የአባሉ ስም ከእርጥበቱ የተነሣ ግማሹ ብቻ ይነበባል። የሰፈሩ ሰው ቢበተንም ዕድሩ አልፈረሰም፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይዘው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረው ነበር። መሪጌታው በሰው በሰው አፈላልገው አገኟቸው። ጸሐፊው ተራ ቁጥሩን ከመዝገባቸው ጋር አስተያይተው አባሏ አንዲት አረጋዊት እናት እንደሆኑና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም እንደገቡ ነገሩን።

ወጣቱን ይዘን ሄድን። አብሮ እንዲሄድ የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ጆንያው የሚጠየቀውን መመለስ የሚችለው እርሱ ብቻ ነበርና። ስለ ማስታወሻው ምንም ሳንናገር አስቀድመን የልደት ቀናቸውን ጠየቅናቸው። «የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው የተወለድሁት፤ ጠላት በወጣ ዓመት» አሉ። ጠላት የወጣው ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ስለሆነ ተከታዩ ኅዳር 12 በ1934 ዓ.ም. ይውላል። ፎቶግራፉን ስናሳያቸው የአባታቸውን እጅ ጽሕፈት ለዩ። ከዚያም የገበታውን ስንጥቅ ሳያዩ አባታቸው ራሳቸው በጅማት እንደሰፉት ተናገሩ፤ መጽሐፉን በቅርብ የማያውቅ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። መጽሐፉ ወንድማቸው ዘንድ ያለ ይመስላቸው ነበር። የልጅ ልጆቻቸው በጥድፊያ ጓዳውን ሲያጸዱ ነጠላውን ሳይፈቱ ከአሮጌ ዕቃ ጋር በጆንያ አስረው እንዳወጡት በዚያው ተረዳን። እናቲቱ ወጣቱን ወደ እርሳቸው አስጠግተው ከየት እንደመጣ ጠየቁት፤ እርሱም «እማማ፣ ጣሪያ ላይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ፤ የተጨማደደው በእኔ ነው» አላቸው። እርሳቸውም «መሬት ላይ አላስቀመጥኸውም» ብለው መለሱለት።

ቀጥሎ የሕጉ ነገር መጣ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ባለቤቱ ግን የማስመዝገብና የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት አይችልም። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 41 መሠረት ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማስታወቅና እስኪረከበው ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት፤ ለአስረካቢው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጥና ያወጣው ወጪ እንዲተካለትም ይኸው አንቀጽ ያዝዛል። በእኛ ጉዳይ አስቸጋሪው ነገር ባለቤቷ በሕይወት መገኘታቸው ነበር። ግኝቱን አስታውቀን ምዝገባው በእናቲቱ ስም እንዲሆን ጠየቅን፤ መጽሐፉም በእርሳቸው ስም ተመዘገበ። መጽሐፉ ለመንግሥት ስላልተላለፈ የሽልማቱ ድንጋጌ ለወጣቱ ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ክፍት ሆኖ ቀረ። በእኔ እምነት ሊሠራ ይገባዋል። አንቀጹ የቆመው ሰው ያገኘውን እንዳይበትን ለማበረታታት ከሆነ፣ መጽሐፉ በመጨረሻ ማን ዘንድ ገባ የሚለው የወጣቱን ድካም አይቀንሰውም፤ ደላላ በቅጠል ሦስት መቶ ብር በሚከፍልበት ከተማ ደግሞ በባዶ እጅ የሚመለስ ቁራሌ ሁለተኛ ጊዜ ወደ መሪጌታ አይሄድም። ቤተሰቡ ግን ጥያቄው እስኪወሰን አልጠበቀም፤ ከቤተሰቡ መዋጮ ሰብስበው ለወጣቱ ሰጡት። እርሱም ከደላላው የተቀበለውን ስድስት መቶ ብር ሊተውላቸው ፈልጎ ነበር፤ አልተቀበሉትም።

አሁን መጽሐፉ በልኩ በተሠራ ካርቶን ሣጥን ውስጥ ጋደም ብሎ፣ ከወጥ ቤቱ ራቅ ባለ ደረቅ ክፍል ተቀምጧል። ገጾቹ በሙሉ በዲጂታል ካሜራ ተነሥተዋል፤ ምስሉም ሁለት ቦታ ተቀምጧል። የተኮማተሩት አራት ቅጠሎች እንዳሉ ቀርተዋል፤ ልወጥራቸው ብል ይሰነጠቃሉና። ሁለቱ የተወሰዱት ቅጠሎች እስካሁን አልተገኙም። በምዝገባው ሰነድ ላይ መለያቸው እንዲህ ተጽፏል፦ አንድ ሆኖ የታጠፈ የፍየል ብራና፣ አራት ገጽ፣ በአንድ ዓምድ ሃያ ሁለት መስመር፣ ከ77ኛው መዝሙር መካከል፤ የታችኛው ጠርዝ በእርጥበት የጠቆረ፣ በእጥፋቱ ላይ አራት የስፌት ቀዳዳ ያለው፣ በሁለቱ የውጭ ገጾች ላይ ከትይዩ ገጽ የተላለፈ የቀይ ነጥብ ጥላ የሚታይበት። ሥዕል ተሥሎበት ቢቀርብ እንኳ የስፌቱ ቀዳዳዎች ርቀትና የጠርዙ ጥቁረት ከቀሪው ጥራዝ ጋር ስለሚገጥሙ፣ መጽሐፉን ከጎኑ አድርጎ ማስተያየት ይቻላል።